ጳጉሜን 6ን ያልተቀበለው መተግበሪያ

የሶፍትዌር ፈታሽ የስህተት ሪፖርት የሚጽፈው የፕሮግራሙ አልሚ ያንኑ ስህተት በራሱ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ እንዲያየው ነው። «ቀኑ አይሰራም» ማለት ለዚህ አይበቃም። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመዘግብ አንድ የስልክ መተግበሪያ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን አልቀበል አለ እንበል። ፈታሹ የመተግበሪያውን ስሪትና የስልኩን ዓይነት ከጻፈ በኋላ እርምጃዎቹን በቅደም ተከተል ያሰፍራል፦ «አዲስ ምዝገባ»ን መክፈት፣ ቀኑን ማስገባት፣ «አስቀምጥ»ን መጫን። የሚጠበቀው ውጤት ቀኑ መመዝገቡ ነው፤ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት። ይህ ምክንያት ካልተጻፈ አልሚው «ጳጉሜን 5 ቀን ናት» ብሎ ሪፖርቱን ሊዘጋው ይችላል። በተግባር የሆነውን ደግሞ ሎጉ ከነሰዓቱ ያሳያል፦

```
14:02:31 ERROR invalid date: 2015-13-06
```

መስመሩን ፎቶ ከማንሳት ጽሑፉን መገልበጥ ይሻላል፤ አልሚው መልእክቱን በኮዱ ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል። በሎጉ ውስጥ የሰው ስም ወይም ስልክ ቁጥር ካለ ግን ይሰረዛል። ጎበዝ ፈታሽ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ንም ይሞክራል። ይህ የሌለ ቀን ከተመዘገበ፣ ኮዱ ስድስተኛዋን ቀን የሚሰጠው ለ4 ሲካፈል 3 ለሚተርፈው ዓመት ሳይሆን ምንም ለማይተርፈው መሆኑን ይጠቁማል።