ከአምስት አንቀጽ መግቢያ ወደ አንድ የመከራከሪያ ዓረፍተ ነገር

በቅርቡ ለአስተያየት የቀረበልኝ የአንድ ተማሪ ድርሰት ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የሚያትት ሲሆን መግቢያው አምስት ረጃጅም አንቀጾች ነበሩት። የመጀመሪያው ስለ ኢትዮጵያ ጥንታዊነት፣ ሁለተኛው አፍሪካን ስለ መቀራመት፣ ሦስተኛው ውሉ በ1881 ዓ.ም. ስለ መፈረሙ፣ አራተኛው በአማርኛውና በጣልያንኛው ቅጂ መካከል ስላለው ልዩነት ይናገራሉ። አምስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ይህ ጽሑፍ የአንቀጽ 17ን እና የዐድዋን ጦርነት ግንኙነት ይመረምራል።»

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ርእሱን ያስታውቃል እንጂ አቋም አይዝም፤ «የለም፣ ተሳስተሃል» ሊለው የሚችል አንባቢ የለም። ተማሪው ሲያሻሽለው «የአንቀጽ 17 የትርጉም ልዩነት የዐድዋን ጦርነት አስከተለ» አለ። አሁን መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን ከውሉ መፈረም እስከ የካቲት 1888 ዓ.ም. ጦርነት ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ የቀረው ጊዜ አለ። ልዩነቱ ብቻውን ምክንያት ከሆነ ይህ ሁሉ ጊዜ ስለ ምን አለፈ? ከዚህም በላይ የድርሰቱ ዋና ክፍል የሚያተኩረው በጦርነቱ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው የደብዳቤ ልውውጥ ላይ ነው።

ስለዚህ መግቢያውን ትተን በየገጹ ጠርዝ «ዳራ»፣ «ትረካ»፣ «አቋም» እያልን ዓረፍተ ነገሮቹን ለየን። አቋም የሚል ምልክት ያገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም በአራተኛው አንቀጽ መካከል ተደብቀው ነበር። አንደኛው ጣልያን የራሷን ቅጂ ይዛ ለአውሮፓ መንግሥታት ማሳወቋን፣ ሌላው ቅሬታው ከቀረበላት በኋላም አቋሟን አለመለወጧን የሚመለከቱ ናቸው። ከእነርሱ የወጣው ይህ ነው፦

«ዐፄ ምኒልክ የውጫሌን ውል በ1885 ዓ.ም. የሻሩት ሁለቱ ቅጂዎች ስለ ተለያዩ ሳይሆን፣ ጣልያን በልዩነቱ ተጠቅማ ኢትዮጵያን በአውሮፓ ፊት ጥገኛ አድርጋ ስላቀረበችና ለማረምም ፈቃደኛ ስላልሆነች ነው።»

«ሳይሆን» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ተጠራጠርሁት፤ ተማሪዎች ክርክር ለማስመሰል አብዝተው የሚጠቀሙበት ቃል ነውና። እዚህ ግን የሚቃወመው አስተያየት በእርግጥ ያለና በብዙ መማሪያ መጻሕፍት የተለመደ ስለ ሆነ ተውሁት። እንዲያውም «ስለ ተለያዩ ብቻ ሳይሆን» ብንል ይበልጥ ትክክል ይሆናል፤ ቅጂዎቹ ባይለያዩ ኖሮ ጣልያን የምትጠቀምበት ነገር አይኖርም ነበርና። ተማሪውም ተስማምቶ «ብቻ»ን ጨመረ።

ዓረፍተ ነገሩ ከተገኘ በኋላ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ፊት አስቀምጠን «ይህ የትኛውን ሐረግ ያስረዳል?» ብለን ጠየቅን። ስለ ጦር መሣሪያ ግዢ የሚናገረው ሦስተኛው ምዕራፍ አንዱንም አያስረዳም ነበር። ተማሪው ሁለት ወር የደከመበት ስለ ነበር ለመተው እጅግ ተቸገረ፤ በመጨረሻ ለሌላ ጽሑፍ አቆየው።