በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ዕዳና የፎርዋርድ ውል የሂሳብ አመዘጋገብ

አንድ አስመጪ ግንቦት 1 ቀን የ100,000 ዶላር የተሽከርካሪ መለዋወጫ በዱቤ ገዝቶ፣ ዕዳውን ነሐሴ 30 ቀን ሊከፍል ተስማማ እንበል። በግዢው ዕለት የአንድ ዶላር ዋጋ 130 ብር ነበር። አስመጪው የምንዛሪ ለውጥ ስለሚያሰጋው ነሐሴ 30 ቀን 100,000 ዶላር በ134 ብር ሂሳብ ለመግዛት ከባንክ ጋር የፎርዋርድ ውል በዚያው ዕለት ፈረመ። ቁጥሮቹ ለማስረጃነት ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

በግዢው ዕለት የዕቃ ክምችት 13,000,000 ብር ዴቢት፣ ተከፋይ ሂሳብ በተመሳሳይ መጠን ክሬዲት ይደረጋል። ውሉ በዕለቱ የገበያ ሁኔታ የተፈረመ በመሆኑ ዋጋው ዜሮ ነው፤ ስለዚህ አይመዘገብም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዕቃውን በ134 ብር የሚመዘግብ ሰው የዕቃውን ዋጋ በ400,000 ብር ያለአግባብ ከፍ ያደርጋል።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ የዕለቱ ምንዛሪ 133 ብር ደረሰ። ዕዳው በአዲሱ ዋጋ ስለሚሰላ የምንዛሪ ኪሳራ 300,000 ብር ዴቢት፣ ተከፋይ ሂሳብ ክሬዲት ይሆናል። የዕቃ ክምችቱ ግን በምንዛሪ ለውጥ ምክንያት አይነካም። ውሉ የሚለካው በ133 ብር ሳይሆን ባንኮች በዚያ ዕለት ለነሐሴ 30 በሚሰጡት የፎርዋርድ ዋጋ ነው፤ ይህን ዋጋ ከባንክ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ዋጋው 136 ብር ከሆነ በውሉ ከተያዘው 134 ብር ጋር ያለው የ2 ብር ልዩነት 200,000 ብር ይሆናል። በመሆኑም የፎርዋርድ ውል ሀብት 200,000 ብር ዴቢት፣ የውል ትርፍ ክሬዲት ይደረጋል። በጥብቅ ስሌት ይህ ገንዘብ ወደ አሁን ዋጋ መቀነስ አለበት፤ ጊዜው ሁለት ወር ብቻ ስለሆነ እዚህ ታልፏል። ዶላር ረክሶ ቢሆን ኖሮ ውሉ በሀብት ፈንታ ዕዳ ሆኖ ይመዘገብ ነበር።

ነሐሴ 30 ቀን ዶላር 138 ብር ገባ። በመጀመሪያ የዕዳው ተጨማሪ ኪሳራ 500,000 ብር፣ የውሉ ተጨማሪ ትርፍ ደግሞ 200,000 ብር ይመዘገባል። በዚህም ዕዳው 13,800,000 ብር፣ የውሉ ሀብት 400,000 ብር ይደርሳል። ከዚያ አስመጪው ለባንኩ 13,400,000 ብር ከፍሎ 13,800,000 ብር የሚያወጣ ዶላር ይረከባል። የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ 13,800,000 ዴቢት ሲደረግ ጥሬ ገንዘብ 13,400,000፣ የፎርዋርድ ውል ሀብት 400,000 ክሬዲት ይሆናሉ። በመጨረሻም ተከፋይ ሂሳብ ዴቢት፣ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ክሬዲት ተደርጎ ዕዳው ይዘጋል።

የሁለቱ ጊዜያት ኪሳራ 800,000፣ ትርፉ 400,000 ብር ነው። የተጣራው 400,000 ብር ወጪ በ130 እና በ134 ብር መካከል ያለው ልዩነት ሲሆን፣ አስመጪው ውሉን በፈረመበት ዕለት የሚያውቀው ነበር። መዝገቡ ሲዘጋ ከዚህ የተለየ ቁጥር ከወጣ ከሦስቱ ምዝገባዎች በአንዱ ስህተት አለ፤ ሰኔ 30 ቀን ውሉ ሳይለካ ቢታለፍ ግን የተጣራው ድምር ሳይለወጥ ስህተቱ በሁለቱ ዓመታት ክፍፍል ላይ ይታያል። እንዲህ ሲሆን ያለፈው ዓመት 300,000 ብር ኪሳራ ብቻውን ይታያል፣ የውሉ ትርፍ በሙሉ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል።