ጠብታዋ ስትሰምጥ

ከተማሪዎች ካፌ ፊት ለፊት በተተከለው ድንኳን ነርሷ ያደረገችው ንግግር ሦስት ደቂቃ አልሞላም። «ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት ነገ እስኪነጋ አትጠብቅም፤ ስጡ» አለች። ቀጥላ «ቁርስ ያልበላ ማነው?» ግማሹ እጁን አወጣ። «በሉ፣ መጀመሪያ ሻይና ዳቦ!»

ቀልድ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለግስ ወጣት ራሱን ሊስት ይችላል፤ ባዶ ሆድና ፍርሃት ሲጨመሩበት ይብሳል። ፊቱ ከገረጣና ካላበው ጋደም ብሎ እግሩን ከፍ ያደርጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ይለቀዋል።

ከዚያ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ አነሳች፤ ኮፐር ሰልፌት ነው። ከአንድ ተማሪ ጣት የተወሰደች የደም ጠብታ ወዲያው ሰመጠች። ሄሞግሎቢኑ በቂ ነው ማለት ነው። ብትንሳፈፍ ኖሮ ልጁ ለራሱ ጤና ሲባል ሳይሰጥ ይመለስ ነበር።

መርፌውና ከረጢቱ ከማሸጊያቸው የሚወጡት እሱ ፊት ነው፤ አንዴ ካገለገሉ ይወገዳሉ። ስለዚህ ደም በመስጠት ኤችአይቪ አይያዝም። የሚወሰደው ከግማሽ ሊትር በታች ነው። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል፤ ቀይ ሴሎቹ ግን ሳምንታት ስለሚፈልጉ እንደገና ለመስጠት ሦስት ወር ይጠበቃል።

ነርሷ ኮስተር ያለችው አንዴ ብቻ ነው፦ «በዚያው ልመርመር ብሎ የመጣ ካለ ወደ ክሊኒክ ይሂድ።» የተሰጠው ደም ሁሉ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ቢመረመርም፣ ሰሞኑን የገባ ቫይረስ ምርመራው ላይ ላይታይ ይችላል።

ሁለት ተማሪዎች ቀስ ብለው ከሰልፉ ወጡ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃቸውም።