ከላይሰንሱ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ

የእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት ከ1 ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎችን ያገለግላል፤ በአውሮፓ ካሉ የአካባቢ አስተዳደሮች ትልቁ እንደሆነም ይነገርለታል። ሒሳቡን፣ ግዢውንና የሠራተኛ ጉዳዩን ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ሲያካሂድ የቆየው ኤስኤፒ በተባለው የጀርመን ኩባንያ ሶፍትዌር ነበር። ይህን ትቶ ወደ አሜሪካው ኦራክል ለመዞር ሲነሣ የያዘው በጀት 19 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ከተያዘለት ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቶ በሚያዝያ 2022 ሥራ ጀመረ። በ2023 ግን ምክር ቤቱ ነገሩን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ጠቅላላ ወጪ ወደ 100 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚደርስ ተናገረ። ግምቱ ከዚያ በኋላም ማደጉን አላቆመም።

በመስከረም 2023 ምክር ቤቱ በጀቱን ማመጣጠን እንዳቃተው በይፋ አሳወቀ። ዋናው ምክንያት ለሴት ሠራተኞች ሳይከፈል የተከማቸ የእኩል ክፍያ ዕዳ ነበር። ሆኖም የኦራክሉ ጉዳይም ከምክንያቶቹ መካከል ተጠቅሷል።

ኢአርፒ የሚባለው ሶፍትዌር ፋይናንስን፣ ግዢን፣ ስቶርን፣ ሽያጭንና ደመወዝን በአንድ የመረጃ ቋት ላይ የሚያሠራ ነው። ስቶር ላይ ዕቃ ሲገባ ያንኑ ቅጽበት ሒሳብ ክፍል ይታያል፤ ማንም ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ አይመላለስም። ለዚህ ሶፍትዌር የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚከፈለው ገንዘብ ላይሰንስ ይባላል። ሻጩ በፕሮፎርማው ላይ አጉልቶ የሚጽፈው፣ ሥራ አስኪያጁም ለቦርድ የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ቁጥር ነው። በርሚንግሃምን ያደኸየው ግን ላይሰንሱ አልነበረም።

ምክር ቤቱ መጀመሪያ ላይ የያዘው ሐሳብ ትክክለኛ ነበር፤ ሶፍትዌሩን እንዳለ ተቀብሎ አሠራሩን ከእሱ ጋር ማስማማት። ሥራው ሲጀመር ግን በየክፍሉ የቆየው ልማድ አሸነፈ። “እኛ እንዲህ አንሠራም” በተባለ ቁጥር ሶፍትዌሩ ተቀየረ። ከሁሉ የከፋውን ጉዳት ያመጣው ባንክ ማስታረቂያው ነው። ለእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የነዋሪዎች ግብር፣ የቤት ኪራይና ሌላም ክፍያ በየቀኑ ባንክ ይገባል። እያንዳንዱ ገቢ ከማን እንደመጣና የየትኛው ዕዳ ክፍያ እንደሆነ ተለይቶ በተገቢው ሒሳብ ላይ መመዝገብ አለበት። ሶፍትዌሩ ይዞት የመጣው አሠራር አይበቃንም ተብሎ ለበርሚንግሃም ብቻ የሚሆን ሌላ ማስታረቂያ ተሠራ። ሥራ ሲጀምር ግን በትክክል ማስታረቅ አልቻለም። ብሩ ባንክ ገብቷል፣ መዝገቡ ላይ ግን በትክክለኛው ቦታ የለም።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ወጪ አንድ በአንድ መመልከት ይጠቅማል፤ አንዱም በመጀመሪያው ዋጋ ማቅረቢያ ላይ አልነበረምና። ማስታረቂያውን ለማሠራት ተከፈለ። ሲበላሽ ለመጠገን ተከፈለ። ጥገናው ሲዘገይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል የተባለውን በእጅ የሚያስታርቁ ሰዎች ደመወዝ መጣ። ሒሳቡ በወቅቱ ስላልተዘጋ ኦዲተሮች ሊያረጋግጡት አልቻሉም፤ በጀቱ ምን ያህል እንደቀረውም በእርግጠኝነት መናገር አስቸጋሪ ሆነ። በመጨረሻ ለገቢ አሰባሰቡ ከሌላ አቅራቢ ሌላ ሥርዓት ተገዛ፤ ኦራክልም ያለ ማሻሻያ፣ እንደ መጣ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እንዲተከል ተወሰነ። አንድ ሥራ አምስት ጊዜ ተከፈለበት ማለት ነው።

በነገሩ ሰፊ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ማሻሻያን የሚፈሩት ለዚህ ነው። ማሻሻያ የሚሠራው አንድ ጊዜ ቢሆንም የሚከፈልበት ሶፍትዌሩ በአገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ ነው። አምራቹ አዲስ ስሪት ባወጣ ቁጥር የተሻሻለው ክፍል አሁንም እንደሚሠራ መፈተሽ አለበት፤ ካልሠራ እንደገና ይጻፋል። የኦራክል የኢንተርኔት ኢአርፒ አዲስ ስሪት በየሦስት ወሩ ያወጣል። ስለዚህ ሃያ ማሻሻያ ያለው ድርጅት በዓመት አራት ጊዜ ሃያውንም የሚፈትሽ ሰው ያስፈልገዋል። የጻፈው ባለሙያ ሥራ ከለቀቀና የሠራውን በጽሑፍ ካላስቀመጠ ወጪው ይብሳል፤ አዲሱ ሰው መጀመሪያ ሌላው ያሰበውን መፈልፈል አለበት።

እኛ አገር ሁሉንም ማሻሻያ እምቢ ማለት አይቻልም። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር የበጀት ዓመቱን ከሐምሌ 1 አይጀምርም፣ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ አያውቅም፣ የጡረታ መዋጮንም በእኛ ሕግ አያሰላም። እነዚህ ግዴታ ናቸው፤ ሕጉ ሲለወጥም አብረው ይለወጣሉ። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ ግብር የማይከፈልበት የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል የእያንዳንዱ ድርጅት የደመወዝ ስሌት መነካት ነበረበት። ይህን የሚያደርገው ማን ነው? ያለ ክፍያ ወይስ በክፍያ? ውሉ ይህን ካልመለሰ አዋጅ በተሻሻለ ቁጥር አዲስ ፕሮፎርማ ይመጣል። በሌላ በኩል የግዢ መጠየቂያ ቀድሞ በስድስት ሰው ፊርማ ያልፍ ስለነበር ብቻ ሶፍትዌሩም ስድስት ፊርማ ይጠይቅ ማለት ልማድ ነው። ሕግ የሚያዘውንና ልማድ የሚጠይቀውን ለይቶ ሁለተኛውን መተው፣ በእኔ እምነት፣ አንድ ድርጅት ኢአርፒ ሲገዛ ሊያደርገው ከሚችለው ቁጠባ ሁሉ ይበልጣል።

ሌላው ወጪ ጨርሶ ደረሰኝ የለውም፤ የራስ ሠራተኞች ጊዜ ነው። በፒችትሪና በኤክሴል ተበታትኖ የኖረ መረጃ ወደ አዲሱ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት መጽዳት አለበት። በስቶር ዝርዝር ላይ “ብሎን 10”፣ “ቡሎን 10 ሚሜ” እና “ቡሎን ትልቁ” ተብሎ በሦስት ኮድ የተመዘገበው አንድ ዕቃ መሆኑን የሚያውቀው ለዓመታት እዚያው የሠራው ንብረት ጠባቂ ነው፤ አማካሪ ኩባንያ ሊያውቀው አይችልም። ተከፍሎ ሳይሰረዝ የቀረውን የደንበኛ ዕዳ የሚለየውም የቆየው ሒሳብ ሠራተኛ ነው። እነዚህ ሰዎች ለወራት ግማሽ ቀናቸውን ለኢአርፒው ሲሰጡ የዕለት ሥራቸው ይቆማል፤ ወይ ተተኪ ይቀጠራል፣ ወይ እስከ ምሽት ይሠራሉ። ጽዳቱ ከተዘለለ ችግሩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይታያል። ስቶር ላይ ያለው ቁጥርና ኮምፒውተሩ የሚያሳየው አይገጥምም፤ ሠራተኞችም ቀስ በቀስ የግል ኤክሴላቸውን መክፈት ይጀምራሉ። ኢአርፒ በተተከለ በስድስት ወሩ ኤክሴል ሲበዛ ካያችሁ ለአንድ ሥራ ሁለቴ እየተከፈለ ነው።

ዓመታዊው የድጋፍ ክፍያ ደግሞ ተጽፎ የማይነበበው ወጪ ነው። እንደ ኦራክል ያሉ ትልልቅ አምራቾች ላይሰንሱ ለዘለቄታው ሲገዛ በየዓመቱ የላይሰንሱን ዋጋ 22 በመቶ ለድጋፍና ለአዲስ ስሪት ያስከፍላሉ። በአምስት ዓመት ይህ 110 በመቶ ይሆናል፤ ላይሰንሱ እንደገና ተገዛ ማለት ነው። ክፍያው በዶላር ከሆነ የባሰ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የምንዛሪ ገበያው ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመት ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዓመት 20,000 ዶላር ለመክፈል የተስማማ ድርጅት 1.14 ሚሊዮን ብር ብሎ የያዘው ወጪ፣ ውሉ ላይ አንድ ፊደል ሳይቀየር፣ ከ2.28 ሚሊዮን አልፏል።

የተጠቃሚ ቁጥርም ሊያታልል ይችላል። ለተወሰኑ ዓመታት የሜታ አቦ ቢራ ባለቤት የነበረው ዲያጆ የደረሰበት ይህ ነው። ደንበኞቹ በራሳቸው ማዘዝ እንዲችሉ ሌላ ሶፍትዌር ላይ መተግበሪያ ሠርቶ ከኤስኤፒ ጋር አገናኘው። ኤስኤፒ እነዚያ ሰዎችም በተዘዋዋሪ የእኔ ተጠቃሚዎች ናቸው ብሎ ከ54 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠየቀ፤ የእንግሊዝ ፍርድ ቤትም በ2017 ተጨማሪ ላይሰንስ ያስፈልግ ነበር ሲል ወሰነ። የሞባይል መተግበሪያ ወይም የሽያጭ ማሽን ከኢአርፒ ጋር ለማገናኘት ያሰበ ሁሉ “ተጠቃሚ” ማን እንደሆነ በውሉ ላይ ማየት አለበት።

እስቲ ለማሳያ ብቻ በራሴ ግምት አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንድ መካከለኛ አምራች ድርጅት በ5 ሚሊዮን ብር ላይሰንስ ገዛ እንበል። ለተካይ ኩባንያው 7.5 ሚሊዮን ይከፍላል። የአምስት ዓመት ድጋፍ 5.5 ሚሊዮን ነው። ስምንት ሠራተኞች ለዘጠኝ ወር ግማሽ ጊዜያቸውን ሰጡ፤ የወር ደመወዛቸው 30,000 ብር ቢሆን 1.08 ሚሊዮን ይመጣል። አሥራ ሁለት ማሻሻያ እያንዳንዱ በ150,000 ብር ተሠርቶ፣ በሦስተኛው ዓመት አዲስ ስሪት ሲመጣ ግማሹ እንደገና ቢጻፍ 2.7 ሚሊዮን ነው። ለሰርቨር፣ ለመጠባበቂያ መብራትና ለኢንተርኔት 2 ሚሊዮን ይጨመር። ድምሩ 23.78 ሚሊዮን ብር ነው። ቦርዱ ያጸደቀው 5 ሚሊዮን ከዚህ ውስጥ 21 በመቶ ብቻ ነው፤ የምንዛሪ ለውጥ፣ መዘግየትና ስሕተት ገና አልገቡበትም።

ይህን ድምር ከፊርማ በፊት ለማወቅ የሚረዳ አንድ ሙከራ አለ። ሻጩ ይዞት በሚመጣው ንጹሕ ማሳያ ፋንታ የራሳችሁን የሰኔ ወር ስጡት፤ የተመላሽ ዕቃውን፣ በከፊል የተከፈለውን ደረሰኝ፣ ከባንክ ጋር ያልገጠመውን ገቢ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ጨምራችሁ። ያለ ምንም ማሻሻያ ወሩን እንዲዘጋ ጠይቁት፤ የሒሳብ ሠራተኛችሁና ንብረት ጠባቂያችሁ አጠገቡ ይቀመጡ። “ይሄ ይስተካከላል” ባለ ቁጥር ጻፉት፤ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊትም ማን፣ በስንት ብር፣ አዲስ ስሪት ሲመጣስ በማን ወጪ የሚለውን አስሞልታችሁ ዝርዝሩን የውሉ አባሪ አድርጉት።