በትምህርት ቤት ግቢ የሚዞር ባለጌ ግጥም፦ መምህር ለወላጅ ምን ብሎ ይጻፍ?

ትምህርት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሰኞ ዕለት ሁለት ልጆች በሹክሹክታ ያሉት ግጥም ረቡዕ የገመድ ዝላይ ማጀቢያ ይሆናል፤ ዓርብ ላይ ፊደል ቆጥረው ያልጨረሱ ሕፃናት ሳይቀሩ እያጨበጨቡ ይሉታል። ግጥሙ አጭር ነው፤ ቤት ይመታል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። መጨረሻው ላይ በሰው ፊት የማይጠራ የሰውነት ክፍል በስድብ ቃል ይነሳል። ይህን ጊዜ የክፍል ኃላፊው መምህር ለወላጆች ደብዳቤ መጻፍ ግድ ይሆንበታል።

የተለመደው ደብዳቤ አራት መስመር አይሞላም። “አንዳንድ ተማሪዎች ከሥነ ምግባር ውጭ የሆኑ ቃላትን ሲጠቀሙ ስለተስተዋሉ ወላጆች ልጆቻችሁን እንድትመክሩ እያሳሰብን፣ ይህ ካልሆነ ትምህርት ቤቱ ጥብቅ እርምጃ እንደሚወስድ እናስታውቃለን” ይልና ማኅተም ያርፍበታል። ይህን ያነበበ ወላጅ ምን እንደተባለ፣ ማን እንደተጎዳ፣ ዛሬ ማታ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ ወይ “የእኔ ልጅ እንዲህ አይልም” ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ቀበቶ ይፈታል። ሁለቱም ግጥሙን አያስቆሙትም።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከዚህ የተለየ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የ3ኛ ክፍል ኃላፊ ናት። ነገሩን መጀመሪያ ያወቀችው ግጥሙን ሰምታ አልነበረም፤ አንዲት ተማሪዋ በእረፍት ሰዓት ከክፍል አልወጣ ስላለች ነው። ልጅቷ ሦስት ቀን በተከታታይ “ቲቸር፣ ሆዴን አሞኛል” ብላ ዴስኳ ላይ ቀረች። ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲገባ ግን ሕመሙ ይተዋታል። መምህርቷ በአራተኛው ቀን ሻይዋን ትታ ግቢ ወረደች፤ ከገመድ ዝላዩ አጠገብ ቆማ ስታዳምጥ የልጅቷን ስም ሰማች።

የግጥሙ አሠራር ይህ ነው። በሁለተኛው ስንኝ መሀል ስም የሚገባበት ክፍት ቦታ አለ፤ የተቀረው አይለወጥም። የቡሄ ልጆች በየደጁ ሲጨፍሩ የባለቤቱን ስም አስገብተው እንደሚያሞግሱት ማለት ነው፤ እዚህ ግን በሙገሳው ፋንታ ስድብ ገባ። በመጀመሪያው ቀን የገባው የአንድ ዘፋኝ ስም ነበር፣ ቀጥሎ የአንድ መምህር፣ ከዚያ የክፍል ልጆች። ቦታው በየተራ ለሁሉም እንዲደርስ ሆኖ ይጀምራል፤ ሲሰማ ፊቱ የሚቀላ ልጅ ሲገኝ ግን ስሙ እዚያው ይቀራል። ጉዳቱ ከባለጌው ቃል ይልቅ ያለው እዚህ ነው። ቃሉን ሁሉም ልጅ ይለዋል፤ ስሟ የተጠራባት ግን አንዲት ልጅ ናት።

መምህርቷ ደብዳቤ ከመጻፏ በፊት ሦስት ነገር አደረገች። በመጀመሪያ የልጅቷን እናት ጠርታ በአካል ነገረቻቸው፤ የልጃቸውን ጉዳይ ከሌላ ወላጅ አፍ ከሰሙት ሁለተኛ ጉዳት ስለሚሆን። ሁለተኛ ግጥሙ ከየት እንደመጣ ፈለገች። ጥፋተኛ ለመያዝ ሳይሆን የሚተላለፍበትን ቦታ ለማወቅ ነበር። ልጆቹን “ማን ጀመረው?” ብላ ብትጠይቅ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል፤ “የት ሰማችሁት?” ስትላቸው ግን “ሰርቪስ ላይ” አሏት። ሰርቪስ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ከትንንሾቹ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው የሚሄዱበት፣ ብዙውን ጊዜ መምህር የሌለበት ቦታ ነው። ሦስተኛ ክፍሏን ሰብስባ፣ ቃሉን ሳትደግመው፣ “የሰው ስም እየገባ የሚባለው ግጥም ከዛሬ ጀምሮ አይባልም፤ ስሙ የሚጠራው ልጅ ስለሚያዝን ነው” አለቻቸው። ከዚያ ደብዳቤውን ጻፈች። ፈቃዷን ጠይቄ እንዲህ አቅርቤዋለሁ፦

“የተከበራችሁ የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በእረፍት ሰዓትና በሰርቪስ ላይ ልጆች እየተቀባበሉ የሚሉት አንድ ግጥም አለ። ግጥሙ የሰውነትን ኃፍረት በስድብ ቃል ይጠራል፤ በመሀሉም የአንድ ልጅ ስም ይገባበታል። ቃላቱን እዚህ አልጻፍኳቸውም። መስማት የምትፈልጉ ልጆቻችሁን ስታደርሱ ወይም ስትወስዱ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች የቃሉን ትርጉም በቅጡ አያውቁም፤ የሚያስቅና የተከለከለ መሆኑን ግን ያውቃሉ። ስማቸው የተጠራባቸው ልጆች ተጎድተዋል፤ ከወላጆቻቸው ጋር ለብቻ ተነጋግረናል።

በእኛ በኩል ለክፍሉ ነግረናል፤ በእረፍት ሰዓት ገመድ ዝላዩ ጋ አንድ መምህር ይቆማል፤ ከሰኞ ጀምሮ በሰርቪሱ ትልልቆቹ ከኋላ፣ ትንንሾቹ ከረዳቷ አጠገብ ከፊት ይቀመጣሉ።

ከእናንተ የምንጠይቀው ይህን ነው። ዛሬ ማታ ልጃችሁን ብቻውን አግኝታችሁ ‘በእረፍት ሰዓት የምትሉት ግጥም አለ አሉ፤ ሰምተኸዋል?’ ብላችሁ ጠይቁት። ከነገራችሁ አትሳቁ፤ አትቆጡም። ‘እኛ ቤት አንለውም፤ ትምህርት ቤትም አትለውም። ሰው ስሙ ሲጠራበት ያዝናል’ በሉት። ‘የአንተን ስም አስገብተው ያውቃሉ?’ ብላችሁም ጠይቁት። አዎ ካላችሁ ነገ ጠዋት ንገሩኝ።

እባካችሁ ልጆችን አትምቱ። ግጥሙን በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አትጻፉ፣ በድምፅም አትላኩ፤ ማን እንደጀመረውም እዚያ አትከራከሩ። ይህን ደብዳቤ ፈርማችሁ በመገናኛ ደብተር መልሱልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣ የክፍል ኃላፊ”

ወላጆችን በጣም ያነጋገረው ቃላቱ አለመጻፋቸው ነበር። አንድ አባት “ምን እንደተባለ ሳላውቅ ምን ብዬ ልምከር?” ብለው መጡ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ቃሉ በወረቀት ከታተመ ግን ልጁ ራሱ በቦርሳው ይዞት ይሄዳል፤ ያልሰማችው ታናሽ እህቱም ታነበዋለች። ስለዚህ መምህርቷ ግጥሙ ምን ዓይነት እንደሆነ በግልጽ ጻፈች፤ ቃሉን ግን ለጠየቃት ወላጅ ብቻ በጆሮው ነገረች። ወላጅ ለመምከር የሚያስፈልገው ግጥሙ ምን እንደሚነካና ማንን እንደሚጎዳ ማወቅ ነው፤ ያ ደብዳቤው ውስጥ አለ።

ዱላን በተመለከተም ምክንያቱ ልማዳዊ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መምህሩ በእጁ ሊያደርገው ያልተፈቀደለትን ቅጣት በደብዳቤ ወደ ቤት መላክ የለበትም። “ጥብቅ እርምጃ” የሚለው ሐረግ ደግሞ በብዙ ቤት የሚነበበው እንደ ዱላ ጥሪ ነው። ከዚያም በላይ የተመታ ልጅ የሚማረው ለወላጁ አለመናገርን ነው፤ መምህርቷ ግን የምትፈልገው በሚቀጥለው ጊዜ ስሙ ሲገባ መጥቶ የሚናገር ልጅ ነው።

ቲክቶክና ስልክ የዚህ ሁሉ ምንጭ ናቸው የሚሉ ወላጆች አሉ። ስልክ ፍጥነት ጨምሮበታል፤ ነገሩ ግን ከስልክ በፊትም ነበር። እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት አዮና እና ፒተር ኦፒ በብሪታንያ 5,000 ገደማ ከሚሆኑ ተማሪዎች የሰበሰቡትን የልጆች ግጥምና ጨዋታ በ1959 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል። እዚያ ካነሷቸው ነገሮች አንዱ በታኅሣሥ 1936 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ የፈታች ሴት ለማግባት ሲሉ ዙፋናቸውን በለቀቁ ጊዜ የሆነው ነው። በሳምንታት ውስጥ በአገሪቱ በሰሜንም በደቡብም ያሉ ልጆች በንጉሡና በወዳጃቸው የሚያላግጥ አንድ ዓይነት ግጥም ይሉ ጀመር። ጋዜጣ አላተመውም፣ ሬዲዮ አላሰማውም፤ ከልጅ ወደ ልጅ ብቻ ተላልፎ ነው እዚያ የደረሰው።

ይህ ለደብዳቤ ጸሐፊ አንድ ነገር ይነግረዋል፦ ግጥምን ከግቢ ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። ልጆች የሚወዱት ምቱንና ቅብብሉን ነው፤ ያ ከተከለከለ ሌላ ይፈጥራሉ። የሚቻለው ስም የሚገባበትን ቦታ መዝጋትና ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ያለ ጠባቂ የሚቀላቀሉበትን ሰዓት ማሳጠር ነው። በሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያ “ያንን ግጥም የሚል ተማሪ ወዮለት!” ማለት ደግሞ ጨርሶ ያልሰማውን ልጅ ሳይቀር “የትኛው ግጥም?” ያሰኘዋል፤ እስከ ምሳ ሰዓት መልሱን ያገኛል።

እንዲህ ያለው ደብዳቤ የማይበቃባቸው ጉዳዮችም አሉ። ግጥሙ ብሔርን፣ ሃይማኖትን ወይም አካል ጉዳትን የሚሰድብ ከሆነ ለአንድ ክፍል በተጻፈ ወረቀት አይታለፍም፤ ርእሰ መምህሩና ወላጅ መምህር ኅብረቱ ሊይዙት ይገባል። አንድ ትንሽ ልጅ ቃሉን ከመድገም አልፎ ከዕድሜው በላይ የሆነ ነገር በዝርዝር ቢያስረዳ፣ ወይም በሌላ ልጅ ላይ በተግባር ሊያሳይ ቢሞክር፣ ያየው ወይም የደረሰበት ነገር ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ በጥንቃቄና ለብቻው መታየት አለበት፤ የጋራ ደብዳቤ የእሱን ጉዳይ ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

ደብዳቤው መሥራቱ የሚታወቀው በግቢው ጸጥታ አይደለም፤ መምህር ሲቀርብ ልጆች ሁልጊዜ ዝም ይላሉና። ምልክቱ ስሙ የተጠራበት ልጅ ነው። በባልደረባዬ ክፍል ከደብዳቤው ሁለት ሳምንት በኋላ ያቺ ልጅ ያለማንም ጎትጓች እረፍት መውጣት ጀመረች። ግጥሙ በሰርቪስ ላይ አልፎ አልፎ መሰማቱ አልቀረም፤ ስም ግን አይገባበትም። መምህርቷ ይህን እንደ በቂ ውጤት ወሰደችው፤ እኔም እስማማለሁ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ በልጃችሁ ደብተር ውስጥ ካገኛችሁ፣ “ማን ጀመረው?” ብላችሁ ከመደወላችሁ በፊት ልጃችሁን የማን ስም እንደገባበት ጠይቁት። ከዚያ ፈርማችሁ መልሱት።