ታፔላው ከመሠራቱ በፊት

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ የሐበሻ ሱቅ ሊከፍት የተነሣ ሰው ስም ሲያስብ ቶሎ የሚመጡለት ሉሲ፣ ሳባ፣ አክሱም፣ ላሊበላና ዓባይ ናቸው። ስሞቹ ክፋት የለባቸውም። ሽሮ ፈልጎ የሚመጣ ደንበኛ ግን የናፈቀው ሐውልት አይደለም።

እኔ ብሆን ስሙን የምፈልገው ሰው አገር ቤት ሳለ ይሸምትበት ከነበረው ቦታ ነው። ጉሊትን እንውሰድ። ሽንኩርቱ በመደብ በመደብ ተከምሮ፣ ሻጯ ሁለት ቃሪያ ስትመርቅ ትዝ የማይለው የለም። ለእኛ ጆሮ እንከን የለሽ ስም ነው። በላቲን ሲጻፍ ግን Gulit ይሆናል፤ ሁለት ፊደል ቦታ ቢለዋወጥ Guilt፣ ማለትም ጥፋተኝነት፣ ሆኖ ቁጭ ይላል። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ስልክም ስህተት መስሎት ሊያርመው ይችላል። «ምርቃት» ብንለውስ? «ቀ»ን ፈረንጅ አይደፍራትም፤ ከምርቃና ጋር ስለሚቀራረብም የጫት ቀልድ አይቀርለትም።

በረንዳ ደስ ይላል። ዝናብ ያስጠለለን፣ ባለሱቁ ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥበት ነው። ብቻውን ሲቆም ግን «በረንዳ አዳሪ»ን ይጎትታል፤ ለሱቅ አይሆንም። «እህል በረንዳ» ሲባል ያ ትርጉም ይጠፋል። የመርካቶን የእህል ንግድ ሰፈር የሚያውቅ አዲስ አበቤ ወዲያው ይገባዋል፤ ሰፈሩን የማያውቅ የደሴ ልጅም ሁለቱን ቃላት ያውቃቸዋል። «ጠ»ም «ጨ»ም «ቀ»ም የለበትም።

ቢሆንም በስልክ መሞከር አለበት። አማርኛ ለማይችሉ ጥቂት ሰዎች ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ «ጻፉልኝ» ማለት ነው። በረንዳ ላይ ብዙም አይለያዩም፤ ችግሩ እህል ላይ ነው፤ አንዱ Ehil፣ ሌላው Ehel፣ ሦስተኛው Eel ሊል ይችላል። ሰው ካርታ ላይ ሱቁን ፈልጎ የሚያጣው እንዲህ ባለው ልዩነት ስለሆነ ባለቤቱ አንዱን አጻጻፍ ይመርጥና ታፔላውም፣ ፈቃዱም፣ ካርታውም ላይ ያንኑ ያስገባል። ፊደላችን ከላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ከመኪና ውስጥ ሆኖ የሚያየውን የአገር ልጅ የሚያስቆመው እሱ ነው።

የሚቀረው የመዝገብ ጉዳይ ነው። ስሙን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የሚያመለክት ሰው የባዕድ ቃሉን የእንግሊዝኛ ፍቺ እንዲያቀርብ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ይጠይቃል። «በርበሬ» ወይም «እንጀራ» ያለ ባለሱቅ የሸቀጡን ስም እንደጻፈ ስለሚቆጠር ቃሉን ለብቻው መያዝ ያስቸግረዋል። «እህል በረንዳ»ም እህል የሚለውን ለብቻው አያስይዝም፤ ሊከራከሩበት የሚቻለው ጥምረቱ ላይ ነው። መዝገቡ ሲፈተሽ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ስምም ስለሚያስከለክል፣ ከተመረጠው አጻጻፍ ሌላ በስልክ ሙከራው የወጡትንም አጻጻፎች መፈለግ ያስፈልጋል።