ጭምብል የሚያስለብሰው ቅጣት

የሜዳ ሆኪን በቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ግራ ያጋባዋል። ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ሰዓቱ ይቆማል። ከዚያ ከተከላካዩ ቡድን አራት ተጫዋቾች ወደ ገዛ ግባቸው ሮጠው የፊት ጭምብል፣ የጉልበት መከላከያና ወፍራም ጓንት ያጠልቃሉ። ስድስት ጓደኞቻቸው ደግሞ ግባቸውን ትተው ወደ መሃል ሜዳ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ግርግር የሚነሳው ፔናሊቲ ኮርነር ስለተሰጠ ነው።

ቅጣቱ የሚሰጠው በአብዛኛው ተከላካይ በግቡ ፊት ባለው ግማሽ ክብ ውስጥ ጥፋት ሲሠራ ነው። ኳስ እግሩን ብትነካው እንኳ ይበቃል። ተከላካይ ሆን ብሎ ኳስን በራሱ የግብ መስመር በኩል ካስወጣም እንዲሁ። ጥፋቱ ሊገባ የነበረን ጎል ያስቀረ ከሆነ ግን ነገሩ ከፍ ብሎ ፍጹም ቅጣት ምት ይሆናል።

አሁን አቋቋሙን እንይ። ኳሷ በግብ መስመሩ ላይ፣ ከቅርቡ የግብ ቋሚ ቢያንስ 10 ሜትር ርቃ ትቀመጣለች። በግቡ ቀኝ ይሁን በግራ፣ ምርጫው የአጥቂው ነው። ኳሷን የሚያስጀምረው ተጫዋች ቢያንስ አንድ እግሩን ከሜዳው ውጭ አድርጎ ይቆማል። የቀሩት አጥቂዎች ከግማሽ ክቡ ውጭ ናቸው፤ እግራቸውም ሆነ ዱላቸው በውስጡ ያለውን መሬት መንካት የለበትም። ተከላካዮቹ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ከአምስት አይበልጡም፤ ሁሉም ከግብ መስመሩ ኋላ ይቆማሉ፣ አንዳንዶቹም እዚያው ግቡ ውስጥ። የተቀሩት ስድስቱ ከመሃል መስመሩ ማዶ ሆነው ኳሷ እስክትነካ ይጠብቃሉ። ስድስቱ ሮጠው ለመድረስ ከ40 ሜትር በላይ ስለሚጠብቃቸው፣ ለወሳኙ ቅጽበት የሉም ማለት ነው። የቅጣቱ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ አጥቂው ቡድን ለአጭር ጊዜ በቁጥር እጅግ ይበልጣል።

ኳሷን የሚያስጀምረው ተጫዋች ጠንክሮ ይገፋታል፣ ሆን ብሎ ግን ከመሬት ሊያነሳት አይችልም። ከግቡ ፊት ለፊት እስከሚጠብቃት ሰው ድረስ ወደ 19 ሜትር ትንከባለላለች። እዚያ አንዱ ተጫዋች ዱላውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ያቆማታል፤ ሌላው ወዲያው ይመታል። ሕጉ ኳሷ ከግማሽ ክቡ ሳትወጣ ጎል እንዲቆጠር አይፈቅድም፤ ከክቡ ውጭ ሆኖ የተመታም ጎል አይሆንም። ስለዚህ ኳሷ ከመስመሩ ጥቂት ወጣ ብላ ትቆማለች፣ መቺውም ወደ ውስጥ ስቦ ያስገባታል። ኳሷ ከተገፋችበት እስከ ግብ ሙከራው ድረስ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ይህ ጊዜ ለተከላካዩም ያው ነው። ኳሷ እንደተነካች አራቱ ከግቡ ይፈነጠራሉ። የመጀመሪያው ሯጭ በቀጥታ ወደ መቺው ይወረወራል፤ ዓላማው መቺው ኳሷን ከመልቀቁ በፊት ደርሶ ዱላውን በመንገዷ ላይ መዘርጋት ነው። ሌላው ጎን ጎኑን ይሮጣል፣ አንዱ ቋሚው አጠገብ ይቀራል፣ ሌላው የተመለሰችውን ኳስ ይጠብቃል። ገና ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው ሩሯ አጥንት ላይ ስታርፍ ምን እንደምታደርግ ያውቃል፤ የሆኪ ኳስም ከ156 እስከ 163 ግራም የምትመዝን ደረቅ ኳስ ናት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብትበር ከመቺው እስከ ግቡ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ብቻ ይበቃታል። ሯጩ ደግሞ ወደ እሷ እየሮጠ ነው። ጭምብሉ ለዚህ ነው።

ሯጩ ከመቺው በ5 ሜትር ውስጥ እያለ የመጀመሪያዋ ሙከራ ከጉልበቱ በታች ካገኘችው ሌላ ፔናሊቲ ኮርነር ይሰጣል። በተፈጥሮ አቋሙ ሆኖ ጉልበቱን ወይም ከዚያ በላይ ካገኘችው ግን ሙከራው አደገኛ ተብሎ ቅጣት ምቱ ለተከላካዩ ይሆናል። ለእኔ የሕጉ ጨካኝ ክፍል ይህ ነው፤ አንድ ሰው ሰውነቱን ለኳስ አሳልፎ ሰጥቶ የሚያገኘው ፍርድ በጥቂት ሴንቲሜትር ይለያያል።

ተከላካይ ኳሷ ሳትነካ ቀድሞ ከወጣ ዳኛው ያስመልሰዋል፤ ያ ሰው ወደ መሃል ሜዳ ማዶ ይላካል፣ ምትክም አይገባለትም። አምስቱ አራት ይሆናሉ። አስጀማሪው ኳሷን የሚገፋ መስሎ ተከላካዮቹን ቢያታልል ግን እሱ ይላካል፣ በቦታው ሌላ አጥቂ ይተካል።

የአመታቱን መልክ የወሰነው ደግሞ አንድ ቁጥር ነው፤ 46 ሴንቲሜትር። በግቡ ውስጥ በታችኛው በኩል የተገጠመው ጣውላ ቁመት ይህ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ዱላ ተወንጭፎ የተመታ ከሆነ፣ ኳሷ የግብ መስመሩን ስትሻገር ከዚህ ጣውላ በላይ መሆን የለባትም። ከፍ ካለች መረቡን ብትነካም ጎል አይደለም። ሕጉ ግን ይህን የከለከለው ለምት ብቻ ነው፤ በዱላ ተገፍታ ለተወረወረች ኳስ ቁመቱ አይገደብም፣ አደገኛ እንዳትሆን እንጂ። ድራግ ፍሊክ የሚባለው አመታት ዋጋ ያገኘው በዚህ ልዩነት ነው። መቺው ኳሷን በዱላው ላይ አስደግፎ ከኋላው ወደ ፊት ይጎትታታል፣ ግራ እግሩን አርቆ ይተክላል፣ ወገቡንና ትከሻውን ጠምዝዞ በመጨረሻ ያስፈነጥራታል። ዱላ የመወንጨፍ ድምፅ የለም፤ ግብ ጠባቂው የኳሷን አቅጣጫ የሚያውቀው ከለቀቀች በኋላ ነው። 2.14 ሜትር ከፍታ ያለው ግብ ከላይ እስከ ታች ይከፈታል። የፓኪስታኑ ሶሃይል አባስ በአገር ደረጃ 348 ጎሎችን ያስቆጠረው በአብዛኛው በዚህ አመታት ነው።

ሁሉም ግን በአቋሚው ዱላ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ኳሷ ዱላው ላይ ካልሞተች፣ ጥቂት ከነጠረች ወይም ወደ ጎን ከሸሸች፣ መቺው እርምጃውን ማስተካከል አለበት፤ እስኪያስተካክል ሯጩ ደርሷል። ስለዚህ የተበላሸ ሙከራ ሲያዩ መቺውን ከመውቀስዎ በፊት ኳሷ እንዴት እንደቆመች ይመልከቱ።

በፓሪስ ኦሎምፒክ ነሐሴ ወር 2024 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሕንድና ስፔን ለነሐስ ሜዳሊያ ሲገናኙ ይህ ሁሉ በአንድ ጨዋታ ታይቷል። ስፔን በ18ኛው ደቂቃ በማርክ ሚራሌስ ፍጹም ቅጣት ምት ቀደመች። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል፣ በ30ኛው ደቂቃ፣ የሕንዱ አምበል ሃርማንፕሪት ሲንግ ከፔናሊቲ ኮርነር አቻ አደረገ፤ ከእረፍት መልስ በ33ኛው ደቂቃም በዚያው መንገድ ሁለተኛውን ጨመረ። ሕንድ 2 ለ 1 አሸነፈች፣ አምበሉም በ10 ጎሎች የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። በሕንድ በኩል የመጀመሪያው ሯጭ የነበረው አሚት ሮሂዳስ በሩብ ፍጻሜ ቀይ ካርድ አይቶ የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ አምልጦት ነበር፤ ጀርመን ሕንድን 3 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች። ለነሐሱ ጨዋታ ሮሂዳስ ተመልሷል። ስፔን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፔናሊቲ ኮርነር ብታገኝም፣ በዚያ ቀን በዚህ መንገድ አንድም ጎል አላስቆጠረችም።